የሰፋው ሳሎን

ሳሎኑ ሰፍቶ ወጣ። ቢቸና ላይ አዲሱ ቤታችን በሚሠራበት ቦታ ግንበኛው ሲባጎ ወጥረው ግድግዳ የሚቆምበትን ሁሉ በኖራ ሲያሰምሩ፣ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው እሱ ነበር። ጎረቤቶች እየመጡ በኖራው መሐል ተንጎራደዱበት። አንዷ ጎረቤታችን ከጥግ እስከ ጥግ ሄዳ ስታበቃ፣ «እዚህ ውስጥ ሰውና ሰው በስልክ ነው የሚነጋገረው» አለች። ሁሉም ሳቁ። ሞጣ ልብስ የሚነግደው ታላቅ ወንድሜ ፎቶውን ስልክለት ወዲያው ደወለና፣ «ሠርጌን እዚያው ነው የምደግሰው!» ብሎ ጮኸ። የሚያሠራው እሱ ነው። ደስ አለው።

እኔ ግን ሳሎኑን አላየሁም። የፈለግሁት ትንሿን ክፍል ነበር፤ ከእናቴ መኝታ ቤት ጋር የምትያያዘውን መጸዳጃ።

እናቴ እግሮቿ ከከዷት ወዲህ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። በተከራየንበት ግቢ ያለው መጸዳጃ ከደረጃ በታች ነው፤ እኔና የአከራያችን ልጅ ግራና ቀኝ ይዘን እናወርዳታለን፤ በሩ ላይ ቆመንም «ጨረስሽ?» እንላታለን። የአከራያችን ልጅ ከሥራ ካልተመለሰች ደግሞ እናቴ እስክትመጣ ትጠብቃለች። እንዳታስቸግረን ብላ ከምሳ በኋላ ውኃ መጠጣት ትታለች። ጉሮሮዋ ሲደርቅ ከንፈሯን በውኃ ታርስና ብርጭቆውን ትመልስልኛለች። ስለ አዲሱ ቤት ሲወራ እሷ የምታነሣው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «በራሴ እገባለሁ፤ በራሴ እወጣለሁ።»

ግንበኛውና ቆፋሪዎቹ ምሳ ሲሄዱ ዊልቸሯን ገፍቼ ትንሿ ክፍል ወደተሰመረችበት ኖራ ውስጥ አስገባኋት። ልታዞረው ሞከረች። የፊት ጎማው አንዱን መስመር ረገጠ፤ ወደ ኋላ ስትል የኋላው ጎማ ሌላውን ረገጠ። ገና መቀመጫውና መታጠቢያው አልገቡም። እናቴ ኖራ የነካውን ጎማ በእጇ ጠረገችው።

ግንበኛው ሲመለሱ፣ ድምፄ በቅጡ ሳይወጣ፣ «ጋሼ፣ ይቺ ክፍል አልጠበበችም?» አልኋቸው።

«ባዶ መሬት ላይ ቤት ሁሉ ጠባብ ነው የሚመስለው፣ የኔ ልጅ። ግድግዳው ሲቆም ይገለጣል። ስንቱን ሠራሁ!»

ይህ እውነት ነው፤ ቤት ያሠሩ ሰዎች ሁሉ ይሉታል። ግን ግድግዳ ቆሞ ጎማ ሲያሳልፍ አልታየኝም። ቁፋሮው ደግሞ በማግሥቱ ሊጀመር ነው። መሠረት ከተቆፈረና ድንጋይ ከገባበት በኋላ ማን ያፈርሰዋል?

ፕላኑን ለመንኋቸው። በላስቲክ ጠቅልለው ከኪሳቸው አወጡልኝ። ትልቁ ወረቀት ማዘጋጃ ቤት ስለገባ ወንድሜ ፎቶ ኮፒ አስደርጎ የላከው ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዘረጋሁት። የተማርሁት አንደኛ ደረጃ ብቻ ነው፤ የእንግሊዝኛውን ፊደል ግን አልረሳሁትም። በክፍሎቹ መሐል የተጻፈውን አንድ በአንድ እየቆጠርሁ አነበብሁ። «ቤድ ሩም» የሚለው ሁለት ቦታ አለ። አንደኛው አጠገብ «ደብሊው ሲ» የሚሉ ሁለት ፊደሎች ብቻ ያሉባት ትንሽ ክፍል አለች። እሷ መሆን አለባት። የቤቱ የውጭ ልኮች በቁጥር ይነበባሉ፤ የውስጦቹ ግን ጥቁር ነጥብ ሆነው ቀርተዋል። በየበሩ ላይ ሩብ ክብ ተሥሏል። እኔ ጌጥ መስሎኝ ነበር።

ወረቀቱ ግርጌ የአርክቴክቱ ስልክ አለ። ከማላውቀው ሰው ጋር ማውራት ለእኔ ከባድ ነው፤ ገበያ እንኳን ዋጋ ስጠይቅ አንገቴን ደፍቼ ነው። ቁጥሩን ነካሁትና አጠፋሁት። እናቴ ከወዲያ ታየኝ ነበር። እንደገና ደወልሁ።

«አቤት?» አለ ወጣት ድምፅ።

የማን ቤት እንደሆነ፣ የት እንደሆነ ተንተባተብሁ። አስታወሰው። «የእናትየው ዊልቸር ያለበት ቤት አይደል? ምን ገጠመሽ፣ እኅቴ?»

«መጸዳጃው ጠበበ።»

«ሊጠብ አይችልም፤ ሆን ብዬ ነው ያሰፋሁት። ግንበኛው በምንድን ነው የለካው?»

ግንበኛውን ጠየቅኋቸው። «በማስመሪያ ነዋ» አሉ። «አንድ ሴንቲው አንድ ሜትር ነው፤ ተጽፎበታል።» እውነት ነው፤ አንድ ለመቶ ተብሎ ተጽፏል።

ይህን ስነግረው አርክቴክቱ ሌላ ጥያቄ አመጣ። «ወረቀቱ ስንት ያህላል? እንደ ደብተር ሁለት ገጽ ነው ወይስ ከዚያ ይተልቃል?»

«እንደ ደብተር ሁለት ገጽ ነው።»

«እንግዲያው አሳንሰው ነው ኮፒ ያደረጉት። ጽሑፉ አንድ ለመቶ ይላል እንጂ ወረቀቱ አሁን አንድ ለመቶ አይደለም። ከታች ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ የተሣለ ዘንግ አለልሽ? ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት የሚል?»

አለ። እኔ የወረቀቱ ጠርዝ ማስዋቢያ ነው ብዬ አልፌው ነበር።

«እሱን በማስመሪያ ለኪው። አምስቱ ሜትር አምስት ሴንቲ ከመጣ ግንበኛው ልክ ነው።»

ግንበኛው ማስመሪያቸውን አቀበሉኝ። ዘንጉ ላይ አስቀመጥሁት። አምስት የሚለው ጫፍ ሦስት ተኩል ላይ ቆመ። ማስመሪያው የተንሸራተተ መስሎኝ እንደገና አስቀመጥሁት። ሦስት ተኩል ነው።

«ወይ ጉድ» አሉ ግንበኛው ከትከሻዬ በላይ እያዩ። «አምስት ሜትሩን ማን በላው?»

«ወረቀቱ ሲያንስ ዘንጉም አብሮ ያንሳል» አለ አርክቴክቱ። «ስለዚህ እሱ አይዋሽም። ማስመሪያውን ተዪው፤ የወረቀት ቁራጭ ይዘሽ ክፍሉን ምልክት አድርጊና ዘንጉ ላይ አምጥተሽ አንብቢው።»

ከሲጋራ ፓኬት ላይ ቀጥ ያለ ጠርዝ ቀደድሁ። የትንሿን ክፍል ስፋት ጠርዙ ላይ በቢክ ምልክት አድርጌ ዘንጉ ላይ አመጣሁት። ከሁለት ሜትር አልፎ ሄደ፤ ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ደረሰ። «ሁለት ሜትር ተኩል!» አልሁ ጮክ ብዬ።

«ቆይ ቆይ» አሉ ግንበኛው። አጠገቤ ቁጢጥ ብለው ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። «ከየት እስከ የት ነው የያዝሽው? ይኼ መስመር ለምን ሁለት ሁለት ሆነ? በሁለቱ መሐል ያለው ብሎኬቱ ነው። ግድግዳ ሥጋ አለው፤ አንቺ ሥጋውንም ጨምረሽ ለካሽ። እናትሽ ብሎኬት ውስጥ አትቀመጥም።»

ከውስጠኛው መስመር እስከ ውስጠኛው መስመር ለካሁ። ሁለት ሜትር ከትንሽ ነገር ሆነ። ግንበኛው በኖራ ያሰመሩት ደግሞ ሜትር ተኩል ነው። የውጩን ከቁጥሩ አንብበው በትክክል አስቀምጠዋል፤ የውስጡን ሁሉ በማስመሪያ ስላመጡት ክፍሎቹ አንሰዋል፤ የተረፈው ቦታ ሁሉ ሳሎኑ ውስጥ ገብቷል።

«ለካ ሠርጉን ያሰፋነው ከመጸዳጃው ቀንሰን ነው» አሉና ሳቁ። ግን ፊታቸው ቀላ ብሎ ነበር። አርክቴክቱን በስልኩ አመሰገኑት፤ ትልቁን ወረቀት በፎቶ እንዲልክላቸው፣ ልኮቹ በቁጥር እንዲነበቡ ጠየቁት። እሱም እሺ አለ። ከመዝጋቱ በፊት ስለ ሩብ ክቡ ጠየቅሁት። አሁን አፌ ተፈትቶ ነበር።

«በሩ ሲከፈት ክንፉ የሚዞርበት ነው። ቅስቱ ያለበት ወገን በሩ የሚከፈትበት ወገን ነው። የእናትሽ መጸዳጃ ላይ ወዴት ነው?»

«መኝታ ቤቱ ውስጥ ነው ያለው።»

«አዎ፣ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። እንዳይቀይሩት።»

ግንበኛው ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። የመጸዳጃ በር ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ ወደ ሰው ፊት መክፈት ነውር ነው አሉ። እዚያ ላይ ተውነው፤ ምክንያቱም ወንድሜ ደወለ።

የሆነውን ነገርሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «እንግዲህ ሳሎኑ ካማረ ምናለ ቢተው? እማን አንቺ አለሽላት፤ ታግዢያታለሽ» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ሞጣ ሆኖ የሚያያት ለበዓል ሲመጣ ነው፤ ያን ጊዜም ለብሳ፣ ተሸፋፍና፣ ሳሎን ተቀምጣ ነው። እናቴ እጇን ዘረጋች። ስልኩን ሰጠኋት።

«ልጄ» አለችው፣ «ከሰዓት በኋላ ውኃ መጠጣት አምሮኛል።»

ምን እንዳላት አልሰማሁም። «አዎ፣ አልጠጣም» አለች። ቀጥላም፣ «ለወንድ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል እንዴ? አሁን ነገርሁህ።» ረጅም ጊዜ ጆሮዋ ላይ ይዛው ቆየች። ከዚያ ስልኩን ለግንበኛው አቀበለቻቸው። ጆሯቸው ስለሚከብድ ድምፁን ከፍ አድርገውት ስለነበር ሁላችንም ሰማነው፦ «ጋሼ፣ እንደ ፕላኑ ይመልሱት። ሠርጉን በድንኳን አደርጋለሁ።»

ግንበኛው ያሰመሩትን ኖራ በመጥረጊያ አጠፉት። ችካሎቹን ነቅለው፣ አርክቴክቱ ከላከው ፎቶ ላይ ቁጥሮቹን እያነበቡ፣ ለልስኑም ጥቂት ጣት እየተዉ አዲስ ሲባጎ ወጠሩ። ሳሎኑ እንደ ሰው ሳሎን ሆነ። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ትንሿ ክፍል ተሰመረች፤ መቀመጫው የሚሆንበት ቦታ ላይም ድንጋይ አስቀመጡ።

«እትዬ፣ ይግቡና ይፈትሹት» አሏት።

እናቴ በራሷ እጅ እየገፋች በበሩ ክፍተት ገባች። ግንበኛው አንድ ጣውላ አቁመው ጫፉን እንደ ማጠፊያ ይዘው በር ሆኑ። መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው ወደ ውስጥ ከፈቱት፤ ጣውላው ጉልበቷን መታ።

«በሩ ይማታል እንዴ?» አለቻቸው።

«ይቅርታ፣ እትዬ። በሩ ባለጌ ነው።» ወደ ውጭ አዞሩት። ጣውላው መኝታ ቤቱን ጠርጎ ዞረ፤ ማንንም አልነካም። ትንሽ አሰቡና፣ «በቃ ይሁን» አሉ፣ «ነውሩ መኝታ ቤት ውስጥ ነው የሚቀረው፤ ማን ያየዋል።»

እናቴ ዊልቸሩን ዞር አደረገችው። ሙሉ ዞረ። ጎማው መስመር ሳይነካ ወደ ድንጋዩ ጠጋ አለች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ዞረች። ቆፋሪዎቹ ሥራቸውን ትተው ቆመው ያያሉ። እኔ ውስጥ አጠገቧ ቆሜያለሁ፤ እጄ እንደ ልማዱ ከወንበሩ እጀታ አልራቀም።

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺም ውጪ እንጂ» አለች።

ደነገጥሁና ባለሁበት በኩል ተራምጄ ወጣሁ።

«ኧረ ግድግዳውን ጥሰሽ ወጣሽ!» ብለው ጮኹ ግንበኛው። «ተመለሺና በበሩ ውጪ!»

ተመለስሁና በበሩ ወጣሁ። ጣውላውን ዘጉላት። እናቴ ኖራው መሐል፣ ሰማይ ጣራ ሆኖላት፣ ጀርባዋን ሰጥታን ብቻዋን ተቀመጠች፤ ማናችንም «ጨረስሽ?» አላልናትም።