በብረት በር በኩል የተማርኩት ቤዝ ጊታር

ባለፈው ሳምንት የመሥሪያ ቤታችን ፎቶ ኮፒ ማሽን ሲግል የሚያወጣው የቀለም ሽታ ሥራ አስፈታኝ። ሽታው የአንቲ ታንዲ ነው። ከሹራቧም፣ ከጣቶቿም፣ ከምትሰጠኝ ወረቀት ሁሉ ይወጣ ነበር።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ጆበርግ፣ ሂልብሮው የሚባል ሰፈር፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። አባቴ ሐኪም ነው፣ እናቴ ዩኒቨርሲቲ ቢሮ ትሠራለች። እማዬ ከሥራዋ ሾልካ ከትምህርት ቤት ታመጣኝና ፍርግርጉን የብረት በር ከውጭ ቆልፋ ትመለሳለች። «ሳይቃጠል በቅጠል» ትላለች። ቤቱ ራሱ ቢቃጠል በየት እንደምወጣ ግን ነግራኝ አታውቅም። ሰፈሩ ልጅ የሚለቀቅበት አልነበረም፣ እውነቷን ነው። እኔ ግን ቁልፉ በዞረ ቁጥር እናቴን እጠላት ነበር።

አንቲ ታንዲ ጎረቤታችን ነበረች። ጠዋት ታች ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ ከሰዓት በኋላ የፕላስቲክ ወንበሯን ኮሪደሩ ላይ፣ በራችን ፊት ታስቀምጥና ቤዝ ጊታሯን ታቅፋ ትቀመጣለች። አሮጌውን ጊታሯን ለእኔ አውሳኝ ነበር። እማዬ የፈቀደችው ቤት ያቆያታል ብላ ነው፤ ቤት የሚያስጠላኝ እሱ መሆኑን በምን ትወቀው። እኔ ከውስጥ፣ እሷ ከውጭ እንጫወታለን። ስሳሳት እጇን በብረቱ መሃል አሾልካ ጣቴን ትክክለኛው ክር ላይ ታሳርፍልኛለች።

እየተጫወተች ታወራኛለች። ሮክ ገና ስም ሳይወጣለት በፊት በኤሌክትሪክ ጊታር ቤተ ክርስቲያኑን ታናውጥ ስለነበረች አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት፤ በኋላ «አባቶች» የተባሉት ወንዶች ከእሷ ጣት ተምረዋል። አንዲት ድምፀ ነጎድጓድ ሴት መጀመሪያ ያስቀረጸችውን ዘፈን አንድ ነጭ ጎረምሳ ደግሞ ዘፍኖት ዓለም የእሱ አድርጎ ስለያዘው። በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች ሰው ሁሉ የሚያዜማቸውን ዘፈኖች በቤዝ እየደገፈች ሽፋኑ ላይ ስሟ ስላልሰፈረ ሴት። ፐንክ የሚሉት ሻካራ ሮክ ሲመጣ ሦስት ኮርድ ብቻ ይዘው መድረክ ስለወጡ የለንደን ልጃገረዶች። በጣም የምትወደው ግን ራየት ገርል የተባለውን የዘጠናዎቹን የሴቶች ፐንክ ንቅናቄ ነበር። መድረኩ ሥር ወንዶች እየተጋፉ ሴቶቹን ከግድግዳ ስለሚያጣብቋቸው፣ ዘፋኟ «ሴቶች ወደ ፊት፣ ወንዶች ወደ ኋላ» ትላለች። ዚን የሚሉትን ትንሽ መጽሔት በእጃቸው ጽፈው፣ ቆራርጠው ለጥፈው፣ በፎቶ ኮፒ አባዝተው ከእጅ ወደ እጅ ያዳርሱታል። «እነሱም ቢሆኑ ጥቁሮቹን እህቶቻቸውን ረስተዋል» ትል ነበር፤ «ጥቁሮቹ በኋላ የራሳቸውን መድረክ ሠሩ።»

የራሷን ነገር የነገረችኝ አንዴ ብቻ ነው። በሰማንያዎቹ እዚሁ ጆበርግ ለብዙ ሸክላዎች ቤዝ ተጫውታለች። ሽፋናቸው ላይ ያሉት ፎቶዎችና ስሞች ግን የወንዶች ናቸው።

ከዚያ የቅዳሜው ዝግጅት መጣ። ክሊፕታውን የሚባል ሰፈር፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ የልጃገረዶች ባንዶች ከሰዓት በኋላ ሊጫወቱ ነው፤ አንቲ ታንዲ ላቋቋመችው ባንድ ቤዝ የምጫወተው እኔ ነኝ። ሦስት ዘፈን አጥንቻለሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆማ እማዬን በአክብሮት ጠየቀችልኝ። እማዬ ሻይ ጋብዛት፣ ፈገግ ብላ፣ ጊታሩን የፈቀድኩት ከቤት እስካልወጣ ነው አለቻት።

ቅዳሜ ወላጆቼ ለቅሶ ሊደርሱ ሲሄዱ ቆለፉብኝ። ፍርግርጉን ይዤ፣ የሕንጻው ዘበኛ መቁረጫ አለው፣ ጥሪልኝ ብዬ አለቀስኩ። አንቲ ታንዲ ጊታሯን በትከሻዋ አንጠልጥላ ቆማለች። «የእናትሽን በር አልሰብርም፣ ሜሮን» አለችኝና በደረጃው ወረደች። ያን ቀን እሷንም ጠላኋት።

ሰኞ ወንበሯን አምጥታ ተቀመጠች። ቤዙን ማንም እንዳልተጫወተው፣ መድረኩ ላይ የእኔን ቦታ ባዶውን ትተው እንደዘፈኑ ነገረችኝ። ከዚያ ገና ያልቀዘቀዘ ዚን በብረቱ መሃል አሳለፈችልኝ። የተጫዋቾቹ ስም ተዘርዝሯል፤ ከሥር በእጅ ጽሑፏ «ቤዝ፦ ሜሮን። በር ተቆልፎባት አልመጣችም» ይላል። በሀፍረት ፊቴ ጋለ። ለምን ጻፍሽው አልኳት።

«ያልነበርሽ መስለሽ እንዳትቀሪ» አለችኝ።

በሩ በማግስቱም ተቆለፈ፤ ከዚያም በኋላ ሁለት ዓመት ተቆልፏል። አንቲ ታንዲ በዚያው ክረምት ወንድሟ ዘንድ ሄደች፤ የት እንዳለች አላወቅኩም። እኔም ጥሩ ተጫዋች አልወጣኝም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ያገለገሉ ሸክላዎች የሚሸጡባቸው ቤቶች እየዞርኩ፣ የዚያን ዘመን ሸክላዎች አስከፍቼ እሰማለሁ። የእሷን ቤዝ በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች እለየዋለሁ። ባለፈው ወር አንዱን አገኘሁና እዚያው ቆሜ ሽፋኑ ጀርባ ላይ፣ ከወንዶቹ ስም ሥር፣ «ቤዝ፦ ታንዲ» ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍኩ። ባለ ሱቁ ዕቃዬን አበላሸሽ ብሎ ተቆጣ። ከፈልኩትና ሸክላውን እዚያው መደርደሪያው ላይ፣ ከፊት አድርጌ መለስኩት።