ሳላየው የሸጥኩት ጫማ

በሀዋሳ አጭበርባሪን በጠረኑ የምለይ ብቸኛው ሰው እኔ ነኝ። ናሙና ሳያስመጡ ቴሌግራም ላይ ዕቃ በሚለጥፉ ጅሎች ስሳለቅ ከርሜ፣ እኔም ከአንድ የውጭ አገር አቅራቢ የጫማ ፎቶ ወስጄ «በአስር ቀን ይደርሳል» ብዬ ለጠፍኩ።

ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ጎረቤቴ ለልጇ ምርቃት አዘዘች። ጫማው ምርቃቱ ካለፈ ከወር በኋላ መጣ፤ ያውም ለአሻንጉሊት የሚጠብ! አቅራቢው «ገንዘብ የምመልሰው ጫማውን በራስህ ወጪ መልሰህ ስትልክ ነው» አለ። የመላኪያው ዋጋ ከጫማው ይበልጣል። የከፈለችኝን ከኪሴ መለስኩላት።

«ልጄ በነጠላ ጫማ ተመረቀች» አለችኝ። «ለመሆኑ ጋሼ፣ ይህን ሰውዬ በምን አጣሩት?»

«ታማኝ ነህ ወይ?» ብዬ ጽፌለት፣ «አዎ» ስላለኝ ነበር የለጠፍኩት።