ለልጄ መንገድ የተሠራች ወረቀት

ልጄ ስኳር በሽታ እንዳለባት የታወቀው ገና ልጅነቷ ሳያልቅ ነው። ክልሉም ያኔ አዲስ ነበር። አሶሳ ውስጥ የቢሮው ግድግዳ ቀለም ይሸታል፣ ሠራተኛው ወንበር ተዋውሶ ይቀመጣል። እኛ የምንኖረው ቶንጎ ነው፤ ኢንሱሊኑ የሚሰጠው ደግሞ አሶሳ ሆስፒታል። በጭነት መኪና ላይ ተጭነን እንሄዳለን። መሬቱ ደረቅ ከሆነ በቀኑ እንገባለን፤ ከዘነበ ጭቃው እንደፈቀደ ነው።

እኔ ገበያ ላይ ጨውና ሳሙና የምቸረችር ሴት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። አነባለሁ፣ ግን ፊደሉን እንደ ምስር እየለቀምኩ። አባቷ ከሞተ ወዲህ ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ መንገድ ላይ እንዳትሞትብኝ።

ከሆስፒታሉ መጀመሪያ የተሰጠኝ ወረቀት ፊትና ጀርባው የተጻፈ ነበር። ፊደሉ ጉንዳን የፈሰሰበት ይመስላል። «መድኃኒት» የሚል ርዕስ አለ፣ ከሥሩ መርፌው፣ ብልቃጡ፣ ጥጡ። «ምግብ» የሚለው ደግሞ ወረቀቱን ስትገለብጪ ነው ያለው። ራይት የሚደረግበት ቦታ የለውም፤ የቱ ጋ እንደደረስኩ ለማወቅ ጣቴን አስቀምጬ እይዝ ነበር።

አንድ ጠዋት መኪናው ከተለመደው ሰዓት ቀድሞ መጣ። ረዳቱ ከላይ ሆኖ ይጮሃል።

«እትዬ፣ ሠርግ ነው እንዴ የምትሄጂው? ውጪ እንጂ!»

ጣቴ «መድኃኒት» ላይ ነበር። መርፌውን ወጋኋት። ወረቀቱን ልገለብጥ ስል ረዳቱ ዕቃዬን ነጥቆ ከከረጢቱ ሁሉ ጋር ወደ ላይ ወረወረው። ምግቧም ስኳሩም እዚያ ውስጥ ነው። ልጄ ሳትበላ ተሳፈረች፤ ያለ ምግብ ደግሞ መርፌው ስኳሯን አውርዶ ይጥላታል።

ብዙም ሳንርቅ ላብ አጠመቃት። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ስጠራት አየት አድርጋኝ እንደማታውቀኝ ዝም አለች። የመኪናውን ጣሪያ እየደበደብኩ ጮህኩ። ባምባሲ ገበያ የምትሄድ አንዲት ሴት ከጓዟ ስኳር አውጥታ በውሃ በጠበጠችልኝ። ገና መዋጥ ትችል ስለነበር በትንሽ በትንሹ አጠጣኋት። ነፍሷ ስትመለስ መጀመሪያ ያለችው «እማ፣ ለምንድነው የምትጮኺው?» ነው። እኔ ግን እስከ አሶሳ ድረስ ከረጢቱን ከጭኔ ላይ አላወረድኩትም።

የስኳር ሕሙማንን የሚያየው ነርስ የበርታ ልጅ ነው፣ ለስላሳ ሰው። የሆነውን ስነግረው አልተቆጣኝም። ወረቀቱን ተቀብሎ ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው።

«ወላሂ፣ ይሄ ወረቀት ለጠረጴዛ ነው የተሠራው፤ ለመኪና አይደለም» አለ። «በይ እናቴ፣ ከአልጋሽ ከምትነሺበት ጀምረሽ ንገሪኝ። ምን ትነኪያለሽ? ከዚያስ?»

እኔ ስናገር እሱ በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ ጻፈ። ከዚያ ኮምፒዩተር ወዳለበት ቢሮ ወሰደኝ። ኮምፒዩተሯ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍናለች። ጸሐፊዋ ወጣት ናት፣ ምላሷ ስለት።

«ደግሞ ምን አመጣህብኝ? የሚኒስትር ደብዳቤ ነው?»

«ከዚያ ይበልጣል። አንድ ገጽ ብቻ። በሚንቀጠቀጥ እጅ የሚነበብ።»

የመጀመሪያው ከፕሪንተሩ እየተንጫጫ ወጣ። ነርሱ ሰጠኝና «ቆመሽ አይደለም፣ በኮሪደሩ እየሄድሽ አንብቢ» አለኝ። እየሄድኩ ሞከርኩ። የ«ቀ»ና የ«ቁ» ልዩነት ጠፋኝ። ጸሐፊዋ ፊደሉን አተለቀችው፤ ያኔ ግን የመጨረሻው መስመር ወደ ሁለተኛ ገጽ ወረደ።

«በቃ ላሳንሰው» አለች።

«ፊደሉን አይደለም፣ ወሬውን አሳንሺ» አላት ነርሱ። «በጉዞ ወቅት ስኳር መያዝዎን ያረጋግጡ» የሚለው ጠፍቶ «ስኳር ኪሴ ውስጥ» ሆነ።

እሷም በተራዋ አስተካከለችው። ራይት የሚደረግባቸውን ሳጥኖች ከየመስመሩ ፊት በአንድ አምድ ደረደረቻቸው፤ ዓይን ሽቅብ ቁልቁል ሲል ባዶው ቶሎ እንዲታይ። እስኪርቢቶ ሰጥታ አሞከረችኝና ራይቴ ጎረቤት ሳጥን ውስጥ ሲገባ እየሳቀች «እትዬ፣ ራይትሽ ድንበር ይገፋል» ብላ አራራቀቻቸው።

ዝርዝሩ የተከፈለው በዕቃው ዓይነት ሳይሆን በቦታው ሆነ። «ከቤት ሳንወጣ»፣ «ስንሳፈር»፣ «መንገድ ላይ»፣ «አሶሳ ስንደርስ»። በየመካከሉ ባዶ ቦታ አለ፤ ለሁለት ሲታጠፍም እጥፋቱ ያረፈው በባዶው ላይ እንጂ በፊደል ላይ አይደለም። መርፌና ምግብ ከእንግዲህ አልተለያዩም። «ምግቧ ፊቷ ቀርቧል»፣ «መርፌ ተወጋች»፣ «በልታ ጨረሰች»፤ ተከታትለው። «ስንሳፈር» ሥር ብልቃጡ፣ ስኳሩና ስንቁ ከእጅ እንዳይወጡ ተጻፈ፤ ቀጥሎም «ጃንጥላ»። ከታች ሳጥን የሌለው፣ ዙሪያው በወፍራም መስመር የታጠረ ጽሑፍ አለ፦ «ካላባት፣ ከተንቀጠቀጠች፦ ስኳር አሁኑኑ። ራሷን ከሳተች አፏ ውስጥ ምንም አታድርጊ፤ ቅርብ ጤና ጣቢያ።» ይሄ ለምን ሳጥን የለውም ብዬ ጠየቅኩ። «ያኔ ራይት አታደርጊም፣ ትሮጫለሽ» አለኝ።

በፎቶ ኮፒ አብዝተው ሰጡኝ። ለየጉዞው አንድ።

ከዚያ በኋላ ረዳቱ ቢጮህም አልሰማው። ልጄ እስኪርቢቶውን ትቀማኝና ራሷ ራይት ታደርጋለች። «እማ፣ ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል፤ እያነበብሽ ነው እየጸለይሽ?» ትለኛለች። ሁለቱንም ነበር። መንገድ ላይ ዳግመኛ አልወደቀችም። መፍራቱን ግን አልተውኩም።

የዚያ ዓመት ክረምት የከፋ ሆነ። ዝናቡ መንገዱን ቆረጠው። መኪና ከቶንጎም አይወጣም፣ ወደ ቶንጎም አይመጣም። የኢንሱሊኑ ብልቃጥ እንዳይሞቅ በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ገንቦ ውስጥ ነበር፤ በየጠዋቱ አውጥቼ ወደ ብርሃን አነሳዋለሁ፣ ወርዶ አገኘዋለሁ። እንደ ሌላው ጊዜ ሊያልቅ ሲል ነበር ለመሄድ ያሰብነው። አለቀ። ጤና ጣቢያው ጋ ኢንሱሊን አልነበረም። ሰዎች በቃሬዛ እንውሰዳት አሉ፣ ወጣን፤ ወንዙ መለሰን። ውሃ ውሃ አለች፣ ትንፋሿ ጥልቅ ሆነ፣ ከዚያ ተኛች። ልጄ የሞተችው መንገድ ላይ አይደለም። ገዛ አልጋዋ ላይ፣ እጇ እጄ ውስጥ ሆኖ ነው።

መንገዱ ሲደርቅ አሶሳ ሄድኩ። ነርሱ አላወቀም ነበር፤ ብቻዬን ሲያየኝ ግን ከወንበሩ ተነሣ። አጠገቤ ተቀመጠ፣ የሆነውን ነገርኩት። በኋላ፣ ሊናገረው እየከበደው፣ ሆሞሻ ወረዳ ውስጥ አንዲት እናት እንዳለች፣ ልጇ በዚሁ በሽታ እንደተያዘ ነገረኝ። ያቺን የእኛን ወረቀት ልስጣት ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«አሁን እንዳለች አትስጣት» አልኩት።

ወደ ጸሐፊዋ ሄድን። ሰምታ ኖሮ አልቀለደችም። ከሁሉ በላይ፣ «ከቤት ሳንወጣ» ከሚለው በፊት፣ አንድ መስመር አስገቢልኝ አልኳት፦ «ብልቃጡ ሳይጋመስ ጉዞ፤ ክረምት ሳይገባ ትርፍ ብልቃጥ»። ነርሱ ራሱን ነቀነቀ። «ለክረምት ትርፍ እንዲሰጥ እኔ ራሴ አለቃዬን አነጋግራለሁ» አለ።

ጸሐፊዋ ተየበችና እጇን አቆመች። «እትዬ፣ ገጹ ሞላ። ከታች አንድ መስመር ወደ ሁለተኛው ገጽ ተረፈ። ምን ላድርግ?»

ነርሱ እኔን አየ።

«ፊደሉን እንዳትነኪው» አልኳት። ከላይ እስከ ታች እየለቀምኩ አነበብኩ። ሁሉም የሚያስፈልግ ነው። ቆይቼ «ጃንጥላ» የሚለው ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። «ይሄንን አውጪው። ልጁን ዝናብ ቢመታው ይደርቃል።»

አጠፋችው። ሳጥኑም አብሮ ጠፋ፣ የተረፈውም መስመር ወደ ገጹ ገባ።