ባንክ ያለው ሁሉ የእኛ አይደለም

ወይዘሮ ደረሰኝ ይሏታል፤ ከኋላዋ ነው እንጂ ፊት ለፊት የሚደፍራት የለም። እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። ሰው ሠራሽ እግር በሚሠራ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሒሳብ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። ለአንዲት ሚስማር እንኳ ደረሰኝ ካልቀረበ ገንዘብ አትሰጥም። ሾፌሩ አንድ ቀን ተናዶ፣ «ይቺ ሴትዮ ብሞት እንኳ ደረሰኝ ካላመጣሁ አታምነኝም» ብሎ ግቢውን በሙሉ አስቆታል። እንዲህ ያለችዋ ሴት ናት እንግዲህ የሰው ገንዘብ የነካችው።

ድርጅቱ ሁለት ዓይነት ገንዘብ አለው። አንደኛው ታካሚዎች ለእግራቸው የሚከፍሉት ነው፤ የወርክሾፑ ደመወዝ፣ ኪራዩና መብራቱ ከዚያ ይወጣል። ሁለተኛው አንድ ለጋሽ ለሚቀጥለው ዓመት ሥራ አስቀድሞ የላከው ነው። ውሉ ላይ ለሕፃናት እግር መሥሪያ ዕቃ ብቻ እንደሚውል፣ ለደመወዝ ግን እንደማይነካ በግልጽ ተጽፏል። ችግሩ ሁለቱም አንድ የባንክ ሒሳብ ውስጥ መቀመጣቸው ነው። ዘንድሮ ከፋይ ታካሚ ቀነሰና አንድ የደመወዝ ቀን የራሳቸው ገንዘብ ባዶ ሆነ። ዳይሬክተሩ በሯን ገፋ አድርጎ፣ «ለጊዜው ከዚያው ክፈይ፣ እንመልሳለን» አላት። ሃምሳ ሰው ደመወዙን ይጠብቃል። ከፈለች። በሚቀጥለው ወርም ከፈለች። ለሚስማር ደረሰኝ የምትጠይቀዋ ሴት ለዚህ ትእዛዝ አንዲት ፊርማ አልጠየቀችም፤ እኔ በበኩሌ ይህን ይቅር ልላት አልችልም፣ እሷም ራሷን ይቅር አላለችም።

ዓመቱ አለቀ። ሪፖርቱ የአንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ጉድለት አሳየ። የቦርዱ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ ሴት ሐኪም ናቸው፤ የባንኩን መግለጫ አንሥተው አዩት፤ ዘጠኝ ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ይላል።

«ይህን ያህል ተቀምጦ ጉድለቱ ከየት መጣ?» አሉ። «እስከ ሐሙስ በደብዳቤ ይብራራልን።»

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ክፍሏ ገብቶ በሩን ዘጋ።

«ከለጋሹ የመጣውን ሰባት ሚሊዮን ተኩል የዘንድሮ ገቢ አድርጊው፤ ጉድለቱ ድራሹ ይጠፋል» አላት።

«ሥራው ሳይሠራ እንዴት ገቢ ይሆናል?»

«ገንዘቡ ገብቷል፣ አልገባም?»

«ገብቷል። ግን ሥራው እስኪሠራ ድረስ ዕዳ ነው። ካልሠራንበት መልሱ ይሉናል። ኦዲተሩስ ሲመጣ ምን ልበለው?»

«እስከዚያ አምላክ ያውቃል።» ወንበር ስቦ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። ጉድለት ብለሽ ከጻፍሽ ቦርዱ የሚቀንሰው ወርክሾፑን ነው። መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል። መጨረሻ የገባው ደግሞ ማን እንደሆነ አንቺው ታውቂያለሽ።»

አሳምራ ታውቃለች። መጨረሻ የገባው ታናሽ ወንድሟ ነው። ከአራት ዓመት በፊት እዚሁ ክፍል ውስጥ ዳይሬክተሩን ለምና ያስገባችው እሷ ናት። ልጁ እጁ የተባረከ ነው፤ ጉልበት ላይ የሚታጠፈውን መገጣጠሚያ እንደሱ የሚያስተካክል የለም። የሚኖረው ከታመመች እናታቸው ጋር ነው፤ የቤቱ ኪራይና የመድኃኒቱ ወጪ ከእሱ ደመወዝ ይወጣል። የእሷ ደመወዝ የራሷን ሦስት ልጆች አብልቶ አይተርፍም።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ እንደተባለችው ጻፈችው። ቁጥሩ አማረ። ደግማ ካነበበችው በኋላ ግን ቀድዳ ጣለችው። ሁለተኛው «ጊዜያዊ የሒሳብ መዛባት» በሚሉ ቃላት የተሞላ ነበር፤ ራሷም አንብባው አልገባትም። ሦስተኛውን ሐሙስ ጠዋት ጻፈችው፦

«የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣ የባንክ ሒሳባችን ዛሬ በእጃችን ያለውን ያሳያል እንጂ የእኛ የሆነውን አያሳይም። ካለው ዘጠኝ ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ላይ ሰባት ሚሊዮን አምስት መቶ ሺህ ለጋሹ ለሚቀጥለው ዓመት ሥራ የላከው ነው። አንድ ሚሊዮን አምስት መቶ ሺህ ዕቃቸውን ወስደን ላልከፈልናቸው ነጋዴዎች ነው። አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ከሠራተኛ ደመወዝ ቀንሰን እስካሁን ያላስገባነው ግብርና የጡረታ መዋጮ ነው። ድምሩ ከባንኩ በስምንት መቶ ሺህ ይበልጣል። ዓመቱን ስንጀምር ስድስት መቶ ሺህ መጠባበቂያ ነበረን፤ ዘንድሮ ካገኘነው ገቢ በላይ አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ አወጣን፤ መጠባበቂያው አልቆ ስምንት መቶ ሺህ የሌላ ሰው ገንዘብ በላን። ባንኩ የሞላ የመሰለው ያልከፈልነው ስለተከማቸበት ነው። ደመወዝ ከለጋሹ ገንዘብ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ትእዛዙ የቃል ነበር፤ በጽሑፍ ይሁን አላልኩም። ጥፋቱ የእኔም ነው።»

ፈረመች። ማኅተም አስመታችና ራሷ ወስዳ ለሰብሳቢዋ ሰጠች፤ ተላላኪ አላመነችም።

ቦርዱ ለሦስት ሰዓት ተኩል ተቀመጠ። ሰብሳቢዋ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው አነበቡት። አንድ ነጋዴ አባል ብቻ፣ «እኔ ሱቄ ውስጥ እንዲህ ብደናበር እስር ቤት ነበርኩ» አለ፤ የሳቀለት የለም። ውሳኔው አጭር ነበር። ለለጋሹ እውነቱ ይነገር፤ ገንዘቡ በሌላ የባንክ ሒሳብ ይለይ፤ አንድ መኪና ተሽጦ የጎደለው ይተካ፤ ለዳይሬክተሩም ለእሷም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ፤ የድርጅቱ ገቢ የማይችላቸው አራት የወርክሾፕ ሠራተኞች ይቀነሱ።

ሰብሳቢዋ ሲወጡ እጇን ይዘው፣ «ደፋር ነሽ» አሏት። ደፋር! ያን ቀን ደፋር ከምትባል ብትሰደብ ትመርጥ ነበር።

የአራቱን የሥራ ስንብት ክፍያ ራሷ ሠራችው። የወንድሟ ላይ ስትደርስ በሒሳብ ማሽኑ አራት ጊዜ ደገመችው፤ አንድ ሳንቲም እንዲጨምርላት የምትለምነው ይመስል። መልሱ አራቱንም ጊዜ ያው ነው።

እሱ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የፕላስተር ዱቄት ክንዱ ላይ እንደነጣ ነበር፤ እስከ ሰዓቱ ድረስ ሲሠራ ቆይቷል።

«እታለም፣» አላት፤ አልተቀመጠም። «ዳይሬክተሩ ነገረኝ። ሌላ መንገድ ነበር አለኝ። እውነት ነው?»

ልትዋሸው ትችል ነበር።

«ነበር» አለች።

«እኔ እንደምወጣስ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

 እስክሪብቶውን ከእጇ ወስዶ ጣቷ ያመለከተው ቦታ ላይ ፈረመ። ቼኩን አላየውም፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ለእማዬ አንቺ ንገሪያት» አለና ወጣ።

ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደዚያው ሄደች። እናትየዋ ትራሱን ተደግፋ ልጇን ትጠብቅ ነበር። ወይዘሮ ደረሰኝ ቆማ፣ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ ልጁ ከሥራ መውጣቱን ነገረቻት።

«ውይ ልጄን! ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ምን ያለው ጨካኝ ነው ያስወጣው?»

«እኔ ነኝ» አለች።

 እናትየዋ ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወይዘሮ ደረሰኝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሂጂ ያላት የለም፤ እደሪ ያላትም የለም።