ከወንበሩ ኋላ የተደበቀው ጆንያ

ባለቤቴን ቀብሬ ቦንጋ ወዳለው የቡና ማህበራችን ቢሮ በተመለስኩ ሰሞን፣ ጆንያ ላቅርብላችሁ ብሎ ዋጋ ያስገባ አንድ የሺሺንዳ ነጋዴ መጣ። ሰምቶ ኖሮ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብሎኝ ተቀመጠ። ያመጣውን ናሙና ከወንበሩ ኋላ ደበቀው፤ ሐዘንተኛ ፊት የንግድ ነገር አይነሳም። የጨረታውን ነገር እኔው አነሳሁት።

«ዋጋህ ጥሩ ነው። ግን ፕላስቲክ ጆንያ ቡናውን ያፍነዋል፤ ዘንድሮ አንወስድልህም። የቃጫ ጆንያ ካገኘህ በሚቀጥለው ጨረታ ተወዳደር፤ ካንተ ጋር ብንሠራ ደስ ይለናል።»

የሚናገረው አፌ ብቻ ነበር። የእሱ ፊት ግን ፈታ አለ።

«ስመጣ እርስዎን አገኝዎታለሁ ጋሼ?»

«የት እሄዳለሁ» አልኩት።

ዘበኛው ቢሮውን ሊቆልፍ ሲመጣም እዚያው ተቀምጬ ነበር።