ሉፕ ውስጥ ያለው ሉፕ

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራሚንግ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ቁጡ ነበርኩ። እንደተመረቅኩ እዚያው በመምህርነት ስለቀረሁ፣ ትናንት ካፌ አብረውኝ የተሰለፉ ልጆች እንዳይንቁኝ ብዬ ፊቴን ማኮሳተር ሥራዬ ሆነ። የምኮራበት አንድ ሕግም ነበረኝ፤ ሉፕ፣ ማለትም አንድ ሥራ እንዲደጋገም የሚያደርግ ትእዛዝ፣ ሌላ ሉፕ ውስጥ ካየሁ ኮዱ ቀርፋፋ ነው፣ አለቀ።

ለፈተና የሰጠኋቸው ጥያቄ ይህ ነበር። የቁጥሮች ረድፍ አለ፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር በስተቀኙ መጀመሪያ የሚያገኘውን፣ ከእሱ የሚበልጥ ቁጥር ፈልጉ፤ ከሌለ «የለም» በሉ። ለእያንዳንዱ ቁጥር ረድፉን እንደ አዲስ የሚያስስ መልስ ግን ዜሮ ነው፤ ረድፉ ሲረዝም ኮምፒውተሩን ያንቀራፍፈዋላ! ነጥቡም ሃያ ነበር።

ወረቀቶቹን በመለስኩ ማግስት አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጣች፤ ቢሮውን የምጋራው ከአንዲት አንጋፋ መምህርት ጋር ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የኦቾሎ መንደር ልጅ ናት፤ ክፍል ውስጥ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«ቲቸር፣ ዜሮ ሰጥተውኛል» አለች ወረቀቷን ዘርግታ። «በዚህ ውጤት ኮርሱን እወድቃለሁ። ከወደቅኩ ደግሞ ዘንድሮ ለተግባር ልምምድ አልወጣም፤ አንድ ዓመት ሙሉ መጠበቄ ነው።»

ወረቀቷን አየሁት። ፎር የሚባለው ሉፕ፣ ውስጡ ደግሞ ዋይል የሚባለው ሌላ ሉፕ።

«ሉፕ ውስጥ ሉፕ አለ አይደል? ምን ብዬ ነበር?» ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ።

«አለ። ግን ሥራውን እንቁጠረው።»

ከደብተሯ ገጽ ቀድዳ ስድስት ቁራጭ ወረቀት አዘጋጀች። 6፣ 3፣ 1፣ 4፣ 9፣ 2 ብላ ጽፋባቸው በረድፍ ደረደረቻቸው። ከዚያ ከግራ እያነሣች መቆለል ጀመረች፤ ክምሩ የሚበልጣቸው እስኪመጣ የሚጠብቁ ቁጥሮች ስታክ፣ ማለትም ከላይ ብቻ የሚጨመርበትና የሚነሣበት ቁልል መሆኑ ነው። 6 ከታች ሆነ። 3 ከ6 ስለሚያንስ በላዩ ላይ፣ 1 ደግሞ በ3 ላይ ተቀመጠ። 4 ሲመጣ ከላይ ያለውን 1 ይበልጠዋል። «የ1 መልስ 4» ብላ 1ን አነሣችው። 3ም እንዲሁ ተነሣ። 6 ግን ከ4 ስለሚበልጥ ባለበት ቀረና 4 በላዩ ተቀመጠ።

«ከ6 ሥር ሌላ ቁጥር ቢኖርስ?» አልኳት ላደናቅፋት አስቤ። «እሱንስ ማን ያየዋል?»

«ማየት አያስፈልግም ቲቸር። አዲስ ቁጥር የሚቀመጠው ከእሱ የሚያንሱት ከላይ ከተነሡ በኋላ ነው። ስለዚህ ከሥር ያለው ከላዩ አያንስም። 4 ከላይ ያለውን ካልበለጠ ከሥር ያለውንም አይበልጥም።»

9 መጣና 4ንም 6ንም አስነሣ፤ የሁለቱም መልስ 9 ሆነ። 2 በ9 ላይ ተቀመጠና ረድፉ አለቀ። ክምሩ ላይ የቀሩት 9 እና 2 የሚበልጣቸው የለም።

«አሁን ይቁጠሩ። ስንት ጊዜ ቆለልኩ?»

«ስድስት።»

«ከክምሩ ስንት ጊዜ አነሣሁ?»

«አራት።»

«አንድ ወረቀት አንዴ ብቻ ይቆለላል፣ ቢበዛም አንዴ ይነሣል። ከተነሣ አይመለስም። ሚሊዮን ቁጥር ቢሆን መቆለሉና ማንሣቱ ተደምሮ ከሁለት ሚሊዮን አያልፍም። የውስጡ ሉፕ አንዳንዴ ብዙ ይዞራል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይዞርም። ድምሩን ይዩልኝ።»

ወረቀቶቹን ራሴ እንደገና ቆለልኳቸው፣ ሌሎች ቁጥሮችም ጻፍኩ፤ ያው ነው። አንጋፋዋ መምህርት ከላፕቶፓቸው ቀና ብለው «በል እንግዲህ፣ ተማሪህ አስተማረችህ» ብለው ሳቁ። አፈርኩ፤ ግን ደስም አለኝ፤ ለወራት በጭፍን ስደጋግመው የኖርኩት ሕግ የት ላይ እንደሚሳሳት ያኔ ገና ገባኝ። ዜሮውን ሰርዤ ሃያ ጻፍኩላት። እሷም «አመሰግናለሁ ቲቸር» ብላ፣ በሩን በቀስታ ዘግታ ወጣች።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ መሳሳቴን ተናገርኩና በዚያ ጥያቄ ዜሮ ያገኘ ሁሉ ወረቀቱን እንዲያመጣ ጠየቅኩ። ሰባት ሰዎች መጡ። ሁለቱ በእርግጥም ለእያንዳንዱ ቁጥር ረድፉን እንደ አዲስ ያሰሱ ናቸው። የአምስቱ መልስ ግን እንደ እሷው በስታክ የተሠራ፣ ትክክለኛ ነው። ሃያ ሃያቸውን ሰጠኋቸው፤ ክፍሉም በጭብጨባና በሳቅ ተሞላ።

«እንደ እሷ ለምን ቢሮ አልመጣችሁም ታዲያ?» አልኳቸው።

አራቱ ተያይተው ፈገግ አሉ። አምስተኛዋ ግን ደብተሯን ገልጣ አቀበለችኝ። ከፈተናው የገለበጠችውን ትክክለኛ መልስ በእስክሪብቶ ከዳር እስከ ዳር ሰርዛ፣ ከሥሩ በጥንቃቄ እንዲህ ብላ ጽፋለች፤ «ሉፕ ውስጥ ሉፕ ካለ ስህተት ነው። ቲቸር ብሏል።»