ቀለም የጠጣው ጸጉር

ቢቸና ላይ ጸጉር እሠራ በነበረበት በንጉሡ ዘመን፣ አንዲት ነርስ ከሞጣ ዊግ ይዛ መጣች። አባቷ ሲሞቱ በኀዘን ተላጭታ፣ ሽበት ጣል ጣል ያለበትን ጸጉሯን ዊግ እንዲያሠራላት አዲስ አበባ ለሚሄደው ባሏ ሰጥታው ነበር። ባሏ የሞጣ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ያመጣላት ዊግ ግን ቀላ ያለ ነበርና እንዳጠቁርላት ጠየቀችኝ።

ሁለቴ ነከርኩት። ባጠብኩት ቁጥር ቀለሙ ከውሃው ጋር ወረደ። ተናድጄ አንድ ዘለላ መዘዝኩና ክብሪት ጫርኩበት፤ ቀልጦ እንደ ዶቃ ጠጠረ፣ ላስቲክ ላስቲክ ሸተተ። ከራሴ ነቅዬ አቃጠልኩ፤ ያ የታወቀው የጸጉር ሽታ መጣ፣ በጣቴ ሳሸው አመድ ሆነ።

«እህቴ፣ ይሄ ናይሎን ነው። የጸጉር ቀለም አይዝም» አልኳት።

«የኔስ ጸጉር የት ገባ?» አለችኝ። ዊጉን ጠቅልዬ መለስኩላት።

በወሩ የሰፈራችን ጠጅ ቤት ባለቤት ዊግ አመጣች። «የሞጣው ጸሐፊ ነው የሰጠኝ፤ ሽበቱን አጥፊልኝ» ብላ ሳቀች።

ክብሪት አላስፈለገኝም። ቀለሙን ባንድ ጊዜ ጠጣው። በናይሎኑ ያን ያህል ተናድጄ የነበርኩት ሴትዮ፣ አፌን ዘግቼ የዚያችን ምስኪን ነርስ ሽበት አጠቆርኩላት። እንደዚያ ያማረ ሥራ ከዚያ ወዲህ አልሠራሁም።